«እንዲመጣ» እና «እንደሚመጣ»

እንደምን አመሻችሁ! ስለመጣችሁ ደስ ብሎኛል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ፈረንሳይኛ እንመልሳታለን።

ሱብዦንክቲፍ፣ ያ ፈረንሳይኛ ከምኞት፣ ከጥርጣሬ ወይም ከስሜት በኋላ ግሱን የሚቀይርበት መልክ፣ ሲነሳ ሁላችሁም ደብተር ጀርባ ላይ የተለጠፈ የ«መቼ ይመጣል» ዝርዝር አላችሁ አይደል? እኔም ነበረኝ። አልሠራልኝም። የሠራልኝ አማርኛዬ ነው።

«እንደሚመጣ አውቃለሁ»፣ «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» በሉ እስቲ። «እንደሚመጣ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው የለም፣ ጆሮ ይቆረቁራል። ፈረንሳይኛም ግሱን የሚቀይረው እዚሁ ጋ ነው፦ «ዠ ሴ ኪል ቪያን»፣ ግን «ዠ ቩ ኪል ቪየን»። የመጀመሪያው ላይ «ን» አፍንጫ ውስጥ ትቀራለች፣ ሁለተኛው ላይ ምላሳችሁ ላይ ጥርት ብላ ትሰማለች። ይቺ «ቪየን» የመጣችው «እነሱ ይመጣሉ» ከሚለው «ኢል ቪየን» ነው፤ አብዛኛው ግስ በዚሁ መንገድ ይሄዳል፣ «ኤትር»ን እና «አቯር»ን የመሳሰሉት ጥቂቶች ግን ያው ሽምደዳ ናቸው።

ተስፋ ላይ ብዙ ተማሪ ይወድቃል። ተስፋ ምኞት አይደለም እንዴ? ነው፣ ግን አማርኛችሁን ጠይቁት፦ «እንደሚመጣ ተስፋ አለኝ» ነው የምንለው። ስለዚህ «ዤስፔር ኪል ቪያንድራ»፣ ተራው የወደፊት ጊዜ። ፈላጊውም መጪውም አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ «መምጣት እፈልጋለሁ» እንደምንለው «ዠ ቩ ቨኒር» ብቻ ይበቃል። እኔ ድሮ «እኔ እንድመጣ እፈልጋለሁ» የሚመስል ነገር በፈረንሳይኛ ስናገር ሰው ፈገግ እያለ ያልፈኝ ነበር፣ ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ጥርጣሬ ላይ ግን አማርኛ ይከዳናል። «ይመጣል ብዬ አስባለሁ»፣ «ይመጣል ብዬ አላስብም»፤ «ይመጣል» ንቅንቅ አላለም። ፈረንሳይኛ «አስባለሁ» ሲባል ዝም ይላል፣ «ዠ ፓንስ ኪል ቪያን»። አሉታ ስትጨምሩ ግን ይለወጣል፦ «ዠ ን ፓንስ ፓ ኪል ቪየን»። «እጠራጠራለሁ» ስትሉም ያው ነው፣ «ዠ ዱት ኪል ቪየን»።

ስሜት ይብሳል። እዚህ ጥርጣሬም ምኞትም የለም፣ ነገሩ ተፈጽሟል። ያም ሆኖ ፈረንሳይኛ የሚያየው መሆን አለመሆኑን ሳይሆን እናንተ ምን እንደተሰማችሁ ነው። ደስታ፣ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ግርምት፣ ሁሉም አንድ ናቸው። «እዚህ በመሆንህ ደስ ብሎኛል» ለማለት «ቱ ኤ» ትቀርና «ዠ ስዊ ኮንታን ክ ቱ ስዋ ላ» ይሆናል።

በሉ ያቺን ዓረፍተ ነገር አምጧት። መምጣታችሁ ያለፈ ነገር ነው፣ ስለዚህ «ቨኑ» ትገባለች። ረዳት ግሷ «ኤትር» ናት፣ ተራው መልኳ «ቩዜት» ነበር። ደስታ ፊቷ ስለቆመ ግን «ቩ ስዋዬ» ትሆናለች።

ዠ ስዊ ኮንታን ክ ቩ ስዋዬ ቨኑ።