በመዝገቡ ላይ የሌሉት አጫጭሮች

የተከበራችሁ የታሪክና የባዮሎጂ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የዓለም ገናና የሰበታ ነዋሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ከዚህ ከዓለም ገና ተነስቶ የቡታጅራን መንገድ የያዘ ሰው ብዙ ሳይርቅ መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል። እዚያ ከ700,000 ዓመት ገደማ በፊት ሕፃናት የረገጡት ዱካ ጭምር ተገኝቷል። ከአንድ ዱካ ወይም ከአንድ አጥንት ተነስቶ የአንድን ሰው ቁመት መገመት ይቻላል። ያ ሰው ጠግቦ አደረ ወይስ ተርቦ የሚለውን ግን ቁመቱ ብቻውን አይመልስም፤ አጭር የሆነው ወላጆቹ አጫጭር ስለነበሩም ሊሆን ይችላልና። ብዙ ሰው ሲለካ ነገሩ ይለወጣል። የአንዱ ቤተሰብ ርዝመት የሌላውን አጭርነት ያካክሳል። የአንድ ሕዝብ አማካይ ቁመት በአንድና በሁለት ትውልድ ውስጥ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ደግሞ ዘሩ ተለወጠ ማለት አይቻልም፤ የተለወጠው የልጅነት ምግብ፣ በሽታና የሥራ ጫና ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው በመቶ ስለሚቆጠሩ አጽሞችና በሺህ ስለሚቆጠሩ የወታደር ምልመላ መዝገብ መስመሮች ነው።

መጀመሪያ ቁመት የሚለካው የትኛውን ዘመን እንደሆነ እንስማማ። የልጅ አካል ያገኘውን ምግብ በቅድሚያ የሚያውለው በሕይወት ለመቆየት፣ ተቅማጥንና ትኩሳትን ለመቋቋም፣ ለጉልበት ሥራም ነው። ለእድገት የሚውለው የተረፈው ነው። በተለይ በማሕፀንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያመለጠውን ቁመት በኋላ ማካካስ ከባድ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1862 የተለካ የ24 ዓመት ወታደር የሚመሰክረው በዋናነት ከ1838 በኋላ ስለነበረው ልጅነቱ እንጂ ስለተመለመለበት ዓመት አይደለም። መረጃውን በምልመላ ዓመት የደረደረ ሰው ችግሩን ከሃያ ዓመት በላይ አዘግይቶ ያየዋል፤ ሁልጊዜ በትውልድ ዓመት መደርደር ያስፈልጋል። ዕድሜም መለየት አለበት፤ በድሃ ኑሮ ያደገ ወጣት እስከ 22ና 23 ዓመቱ ቁመት ሊጨምር ስለሚችል የ18 ዓመቱን ከ25 ዓመቱ ጋር ቀላቅሎ አማካይ ማውጣት አይቻልም።

አሁን ወደ አጥንቱ እንምጣ። ለቁመት ግምት ከሁሉ የሚመረጠው የጭን አጥንት ነው፤ ከአካል ርዝመት ትልቁን ድርሻ የሚይዝ ነጠላ አጥንት እሱ ነውና። የሚለካው አንድ ጫፉ ላይ ቋሚ ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ተንሸራታች ግድግዳ ባለው የመለኪያ ሰሌዳ ነው። አጥንቱ በጀርባው ይተኛል፤ የጉልበቱ በኩል ቋሚውን ግድግዳ ይነካል፤ ከዚያ ትልቁ ርዝመት እስኪገኝ ድረስ አጥንቱን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ ማንቀሳቀስ ነው። የአጥንቱ ጫፎች ከግንዱ ጋር ሙሉ በሙሉ ካልተጋጠሙ ሟቹ እድገቱን አልጨረሰም ማለት ስለሆነ ከስሌቱ ይወጣል። ፆታውም ከዳሌ አጥንት ቅርጽ አስቀድሞ መለየት አለበት፤ ቀመሩ ለሴትና ለወንድ አንድ አይደለምና።

ርዝመቱን ወደ ቁመት የሚቀይሩት በጣም የታወቁ ቀመሮች ሚልድረድ ትሮተርና ጎልዲን ግሌሰር እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጧቸው ናቸው። ለወንዶች የተሠሩት በአብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱ የአሜሪካ ወታደሮች ነው፤ የአጥንታቸው ርዝመት ተለክቶ ሠራዊቱ በሕይወት ሳሉ ከመዘገበው ቁመት ጋር ተነጻጸረ። እንግዲህ የጥንቱን አጽም የምናነብበት መለኪያ ራሱ ከወታደር መዝገብ የተወለደ ነው።

አንድ ምሳሌ አብረን እንሥራ። የጭኑ አጥንት 45 ሴንቲሜትር የሆነ ወንድ እንውሰድ። ለነጭ አሜሪካውያን የወጣው ቀመር 45ን በ2.38 አባዝተን 61.41 እንድንደምር ይነግረናል፤ ውጤቱ 168.5 ሴንቲሜትር ነው። ለጥቁር አሜሪካውያን በወጣው ግን በ2.11 ተባዝቶ 70.35 ይደመራል፤ ውጤቱ 165.3 ይሆናል። አጥንቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ከሦስት ሴንቲሜትር በላይ ነው። ምክንያቱ የእግርና የግንደ አካል ምጣኔ ነው፤ እግሩ ከግንዱ አንጻር ረዘም ባለ ሕዝብ ዘንድ ያው የጭን አጥንት አጠር ያለ ሰውን ያመለክታል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እያንዳንዱ ግምት ራሱ ሦስትና አራት ሴንቲሜትር ያህል ስህተት ይዟል፤ ይህ የሚያስፈራ አይደለም፤ መቶ አጥንት ሲለካ ወደላይና ወደታች የሄደው ስህተት ተጣፍቶ የአማካዩ ስህተት ወደ አራት ሚሊሜትር ይወርዳል። ከተሳሳተ ቀመር የመጣው ሦስት ሴንቲሜትር ግን አንድ ሺህ አጥንት ቢለካም ንቅንቅ አይልም። ሁለት መቃብር ቦታዎችን የሚያነጻጽር ሰው አንዱን በአንድ ቀመር፣ ሌላውን በሌላ ቀመር አስልቶ «ኑሮ ተሻሻለ» ካለ ያነጻጸረው ቀመሮቹን ነው። በቅልጥም አጥንት ላይ የተፈጸመውም ይታወቃል፤ ትሮተር ቅልጥሙን የለኩት የውስጠኛውን ቁርጭምጭሚት ጉብታ ትተው እንደነበር በኋላ ታወቀ። ጉብታውን ጨምሮ የለካ ሰው በእሳቸው ቀመር ቢያሰላ ቁመቱን ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲሜትር አስረዝሞ ያገኘዋል።

ለእኛ አገር አጽም የትኛውን ቀመር እንምረጥ? አጽሙ የተሟላ ከሆነ ከሁለቱም አንመርጥም። ፈረንሳዊው ጆርጅ ፉሊ እ.ኤ.አ. በ1956 ባቀረቡት ዘዴ የራስ ቅሉ ከፍታ፣ የአከርካሪ አጥንቶች፣ የጭን፣ የቅልጥምና የተረከዝ በኩል አጥንቶች አንድ በአንድ ተለክተው ይደመራሉ፤ ከዚያ ለቆዳና ለለስላሳው አካል ከ10 እስከ 11.5 ሴንቲሜትር ይጨመራል። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን የሌላ ሕዝብን የአካል ምጣኔ አይበደርም። አጽሙ ያልተሟላ ከሆነ የጭኑን ርዝመት ራሱን፣ ወደ ቁመት ሳይቀይሩ፣ በዘመናት መካከል ማነጻጸር ይሻላል።

የወታደር መዝገብ የቀመር ችግር የለበትም፤ ሰውየው ራሱ ቆሞ ተለክቷል። ችግሩ ያልተለካው ሰው ነው። ብዙ ሠራዊት ከተወሰነ ቁመት በታች ያለውን አይቀበልም ነበር፤ የተመለሰው ሰው በመዝገቡ ላይ የለም። ይህ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። የአንድ አገር ወንዶች እውነተኛ አማካይ 165 ሴንቲሜትር ነው እንበል፤ የቁመታቸው መበታተን፣ ማለትም ሰዎቹ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን፣ 6.6 ሴንቲሜትር ያህል ይሁን። ሠራዊቱ ከ165 በታች ካልተቀበለ ግማሹ ሕዝብ ይቀራል፤ የተመዘገቡት አማካይም 170.3 ይሆናል። ከሃያ ዓመት በኋላ ክፉ ቀን መጥቶ እውነተኛው አማካይ ወደ 162 ወረደ እንበል። መስፈርቱን የሚያልፈው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ የእነሱ አማካይ ግን 169.3 ነው። ሕዝቡ በሦስት ሴንቲሜትር አጥሯል፤ መዝገቡ የሚያሳየው አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የረሃቡ ሁለት ሦስተኛ ተሰውሯል።

ተቃራኒውም አለ። ጦርነት ተነስቶ ሰው ስላነሰ መስፈርቱ ከ165 ወደ 160 ዝቅ ቢል የሕዝቡ ቁመት ምንም ሳይለወጥ የመዝገቡ አማካይ ከ170.3 ወደ 167.5 ይወርዳል። ያልነበረ ረሃብ ተፈጠረ ማለት ነው።

ይህን የሚያውቅ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው አማካይ ማውጣት ሳይሆን ቁመቶቹን በየሴንቲሜትሩ ቆጥሮ በሥዕል ማየት ነው። ጤነኛ መረጃ ደወል ይመስላል፤ የተቆረጠው ግን በግራ በኩል ገደል አለው። ገደሉ ያለበት ቦታ መስፈርቱ ነው፤ ደንቡ በወረቀት ከሚለው ይልቅ ገደሉ እውነቱን ይናገራል፤ መልማዮች ደንቡን ሁልጊዜ አይጠብቁም ነበርና። ከዚያ ከገደሉ በላይ ያሉትን ብቻ ይዞ፣ መበታተኑ የተለመደው መጠን ነው ብሎ፣ የተቆረጠው ደወል ሙሉ ቢሆን መሃሉ የት ይሆን ነበር ብሎ ማስላት ይቻላል። መስፈርቱ በየዓመቱ የተለዋወጠ ከሆነ ለሁሉም ዓመት ከፍተኛውን መስፈርት መያዝ ግድ ነው፤ አለዚያ ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይሆንም።

በዚህ ስሌት የማይታረም አንድ ጉድለት አለ፤ እሱም በፈቃድ መዝመት ነው። ከአሜሪካ መዛግብት እንደታየው እ.ኤ.አ. በ1830 አካባቢ ከተወለዱት ወንዶች ይልቅ በቀጣዮቹ ሦስት አሥርት ዓመታት የተወለዱት በሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ አጠሩ፤ በዚያው ዘመን ግን የአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ እያደገ ነበር። ብዙ ሊቃውንት ምክንያቱን በከተማ መጨናነቅ፣ በመጓጓዣ በተስፋፋ በሽታና በምግብ መወደድ አስረዱ። ሌሎች ደግሞ የሲቪል ሥራ ደመወዝ ሲሻሻል ለውትድርና የሚመጣው ሥራ ያጣውና በልጅነቱ የተጎዳው ብቻ ሆኖ ይሆናል፤ የተለወጠው ሕዝቡ ሳይሆን በሩን የሚያንኳኳው ሰው ነው አሉ። ክርክሩ ሊያበቃ የሚችለው ሁሉም ወጣት በግዴታ ቀርቦ በተለካበት አገር መረጃ ነው። የኔዘርላንድስ መዝገብ የሚታመነው ለዚህ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ 165 ሴንቲሜትር ገደማ የነበረው የወንዶች አማካይ ዛሬ ከ180 በልጧል። አጭሩም ረጅሙም አብረው ተቆጥረዋል።

የመቃብር ቦታም የራሱ ያልተቆጠሩ አሉት። በሁለት ዓመቱ የሞተው ሕፃን በአዋቂ ቁመት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ክፉኛ የተጎዳ ሕዝብ ደካሞቹን በልጅነት ቀብሮ የተረፉት ረዘም ብለው ሊታዩ ይችላሉ። የሕፃናቱ መቃብር ብዛት ከአዋቂዎቹ ቁመት ጋር አብሮ ካልተነበበ ጉዳቱ ጤና ይመስላል።

የእኛን አገር በተመለከተ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ የቀነጨሩ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ፣ በ2019 37 በመቶ እንደነበሩ ብሔራዊ ጥናቶች መዝግበዋል። በ2019 የተለካው ሕፃን ሃያ ዓመት የሚሞላው በ2030ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ለውጡ በአዋቂ ቁመት ላይ የሚነበበውም ያኔ ነው። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው ቁመት የምትመዘግቡ ሁሉ ከቁጥሩ ጎን ጥቂት ነገር ጨምሩ፤ የትውልድ ዓመትና ቦታ፣ ጫማ ወልቆ መለካቱን፣ ቁመቱ ወደ ዜሮና አምስት ሳይጠጋጋ እስከ ሚሊሜትር የተነበበውን። መስፈርት ካለ መስፈርቱን ጻፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አጥሮ የተመለሰውን ሰው ቁመት ጽፋችሁ አስቀሩ። በዚህ አካባቢ ለቤት መሠረት ሲቆፈር የድሮ አጽም ቢወጣም ረጅሙን አጥንት ነጥሎ ማውጣት መረጃውን ያጠፋዋል፤ ቁፋሮውን አቁማችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ፤ የዳሌው፣ የጥርሱና የጎን መቃብሩ ሕፃን ከጭኑ አጥንት ጋር አብረው ይነበቡ ዘንድ።

አመሰግናለሁ።