በ«አቦ» የተጀመረው የወንበር ዋጋ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ድምፄ ትንሽ ቢያስተጋባ ይቅርታ፣ ሱቁን ዘግቼ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። ድሬ እንደምታውቁት ከ7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ማን ይመጣል፣ ከተማው ራሱ ተኝቷል፣ ፋኑንም ለድምፁ ብዬ አጥፍቼዋለሁ፣ ስለዚህ እየቀለጥኩ ነው የማወራችሁ።

ለአዲስ ሰሚዎች፣ እኔ ከዚራ አካባቢ የቢሮ እቃ ነው የምሸጠው፣ ፕሪንተር፣ ቶነር፣ ወንበር፣ ሸልፍ፣ እንደዚህ እንደዚህ። እህቴ ደግሞ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ውስጥ የልብስና የስጦታ እቃ ሱቅ አላት፣ የቴሌግራም ቻናልም አላት፣ እና እኔ አንዳንዴ ማታ ማታ እሷ ስትደክም መልስ እመልስላታለሁ። ሁለቱም ጋ በጽሁፍ ነው የምንሸጠው ማለት ይቻላል፣ ሰው መጀመሪያ ቴክስት አድርጎ ነው የሚመጣው። እና ዛሬ ማውራት የፈለኩት ስለዛ ጽሁፍ ነው፣ ለማን እንዴት እንደምንጽፍ፣ ምክንያቱም እኔ ሁለቱም ጋ ተበላሽቶብኛል።

መጀመሪያ የኔን ልንገራችሁ። አንድ መስሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ የግዥ ሰራተኛው ቴክስት አደረገልኝ፣ የቢሮ ወንበር 12 ፍሬ ፈልገን ነበር ዋጋ ላክልኝ ብሎ። ሰውዬውን በአይን አውቀዋለሁ፣ ጠና ያለ ሰው ነው፣ ግን ድሬ አይደል፣ እኛ ጋ አንቱታ ብዙም የለም፣ ሁሉም አንተ ነው፣ እና እኔም በቃ እንደለመድኩት ጻፍኩለት። ምን አልኩት መሰላችሁ፣ «አቦ ሰላም ነው? ወንበሩ አለ፣ አሪፍ ነው፣ አንዱ 9 ሺ ነው፣ ለናንተ ደግሞ እናስተካክላለን»። ከዛ ጠበቅኩ። አንድ ሳምንት። ዝም።

በኋላ መንገድ ላይ ሳገኘው «ጋሼ ወንበሩስ?» አልኩት፣ ሳቀና ስልኩን አውጥቶ የኔን ሜሴጅ አሳየኝ፣ «ይሄን ፕሪንት አድርጌ ለኮሚቴ ላቅርበው?» አለኝ። እኔ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፣ ዋጋው በዛባችሁ ወይ አልኩት። አይ አለኝ፣ ዋጋው የቱ እንደሆነ መች አወቅን።

እና ቁጭ ብዬ ሳስበው ልክ ነው ሰውዬው። እኔ 9 ሺ ያልኩት ከቫት በፊት ነው፣ በጭንቅላቴ ውስጥ ማለት ነው፣ ጽሁፉ ላይ ግን አላልኩም። 12 ወንበር በ9 ሺ 108 ሺ ብር ነው፣ 15 ከመቶ ቫት ሲደመርበት 16,200 ይጨምራል፣ ድምሩ 124,200 ይመጣል። እነሱ ደግሞ ቫትን ጨምሮ ነው ብለው ቢይዙት ኖሮ 108 ሺ ብቻ ያስፈቅዱ ነበር፣ እቃው ሲመጣ 16,200 ብሩን ማን ይክፈል? ከኪሱ? ሰውዬው እኮ የራሱን ብር አይደለም የሚያወጣው። እሱ ያስፈቅዳል፣ ሌላ ሰው ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይከፍላል፣ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ይረከባል፣ ከዛ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ኦዲተር ይመጣና ያችን ወረቀት ያያታል። እኔ የጻፍኩት ለአንድ ሰው ነው፣ የሚያነቡት ግን አምስት ናቸው፣ አራቱ እኔን አያውቁኝም።

ከሁሉ የባሰችው ግን ያቺ «ለናንተ እናስተካክላለን» የምትለዋ ነች። ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት ስንነጋገር ፍቅር ነች፣ ምንም የላትም። ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ስትነበብ ግን፣ ምኑን ነው የምታስተካክሉት? ለማን? የሰውዬውን ስም ሳላስበው ጥርጣሬ ውስጥ ልከተው ነበር፣ ወላሂ፣ ያን ቀን ነው የገባኝ። እና ሌላ ቦታ ገዙ፣ አልፈርድባቸውም።

አሁን እንዴት እንደምጽፍ ላንብብላችሁ፣ ይሄው ከፋይሌ፣ «ጉዳዩ፦ የፕሮፎርማ ዋጋ ማቅረብን ይመለከታል። በጠየቃችሁን መሰረት የ12 የቢሮ ወንበር ዋጋ እንደሚከተለው አቅርበናል። ጀርባው መረብ፣ ከፍታው የሚስተካከል፣ መደገፊያ ክንድ ያለው። የአንዱ ዋጋ ቫትን ሳይጨምር 9,000 ብር፣ ጠቅላላ ዋጋ ቫትን ጨምሮ 124,200 ብር። ዋጋው ለ15 ቀን የጸና ነው። እቃው ትእዛዝ በደረሰን በ3 ቀን ውስጥ በመስሪያ ቤታችሁ ይቀርባል። ከሰላምታ ጋር»። ቀን፣ ፊርማ፣ ማህተም፣ ቲን ቁጥር፣ አለቀ። ደረቅ ነው አይደል? ይድረቅ። «አሪፍ» የሚል ቃል የለበትም፣ ምክንያቱም አሪፍ መሆኑን ማንም ኮሚቴ ሊያረጋግጠው አይችልም፣ ጀርባው መረብ መሆኑን ግን ንብረት ክፍል ያለው ልጅ በእጁ ነክቶ ያረጋግጣል። በነገራችን ላይ ድሬ ላይ ቆዳ መሳይ ወንበር የምትገዙ ሰዎች፣ በዚህ ሙቀት ጀርባችሁ ላይ ተጣብቆ ነው የሚውለው፣ እኔ ራሴ ሸጬ አፍሬ አውቃለሁ።

ቶነርም እንደዛው ነው። «ብዙ ያትማል» አይባልም። 85ኤ ቶነር ካርቶኑ ላይ ወደ 1,600 ገጽ ይላል፣ ግን እሱ ገጹ 5 ከመቶው ብቻ በቀለም ሲሸፈን ነው፣ አጠር ያለች ደብዳቤ ብትሉት። ፎቶ ያለበት፣ ጥቅጥቅ ያለ ሰንጠረዥ የሚያትም ቢሮ ከዛ በጣም ቀድሞ ነው የሚያልቅበት። እኔ አሁን «በ5 ከመቶ ሽፋን» የምትለውን አስገባታለሁ፣ ምክንያቱም በኋላ ጎዶሎ ቶነር ሸጥክልን ብለው ሲመጡ እኔም እነሱም የምናየው አንድ መስመር አለ ማለት ነው።

ታዲያ እኔ ይሄን ተምሬ ብልጥ ሆኛለሁ ብዬ የእህቴ ቻናል ላይ ገባሁ። አዲስ ቀሚስ ገብቶላት ነበር፣ እኔ ልጻፍልሽ ብዬ ምን ብለጥፍ ጥሩ ነው፣ «ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ የሴት አልባሳትን በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረቡን በትህትና ይገልጻል»። ሰው አየው፣ አንድ ሰው አልጻፈም። እህቴ ጠዋት አይታው «አንተ፣ ጨረታ ነው እንዴ ያወጣኸው?» አለችኝ። አጥፍታ በራሷ ጻፈችው፣ «ልጆች ይቺ ቀለም ዛሬ ገባች፣ እኔ ራሴ አንዷን ደብቄያለሁ፣ ጨርቋ ቀላል ነው ለድሬ ሙቀት፣ ከኤም እስከ ደብል ኤክስኤል አለ፣ ትንሽ ጠበብ ስለምትል አንድ ቁጥር ጨምራችሁ ውሰዱ፣ ዋጋዋ ከታች አለ»። በቃ ይሄ ነው። ግን አስተውሉ፣ ጓደኛ ትመስላለች እንጂ ምንም አልደበቀችም፣ ሳይዙ አለ፣ ጠባብነቱን ነግራለች፣ ዋጋው አለ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉት ነገር ለኔ ወዳጅነት አይመስለኝም፣ ሰውን ማስለመን ነው።

ደግሞ እዚህ ጋ አማርኛ ራሱ ያስቸግራል። እዘዙን ብትሉ ለሁሉም ይሆናል፣ ይዘዙን ብትሉ አንቱታ ነው፣ ለቀሚስ ይከብዳል፣ እዘዢን ብትሉ ደግሞ ለሚስቱ ሊገዛ የመጣው ወንድ የሱ ቦታ አይመስለውም። እህቴ ፖስቱ ላይ «እዘዙ» ነው የምትለው፣ ልጅቷ ስትጽፍላት ብቻ ነው ወደ «አንቺ» የምትገባው፣ እድሜዋ ከገፋ ሴት ጋር ደግሞ መጀመሪያ አጻጻፏን ታያለች፣ ሴትዮዋ «ልጄ» ካለቻት እሷም «እማማ» ትላታለች፣ ከዛ ቀድማ አትዘልም።

እኔ ነኝ የዘለልኩት። አንድ ማታ ተክቻት እየመለስኩ፣ እሷ ለደንበኞቿ «ውዴ» ስትል አይቻለሁ፣ እኔም አንዷን «እሺ ውዴ ነገ ይደርስልሻል» አልኳት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ፣ አነሳሁ፣ የወንድ ድምፅ፣ «ማነህ አንተ ውዴ የምትላት?» ባልየው ነው። እህቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ነው ስልኩን የሰጠኋት፣ ሳቅ በሳቅ ሆነና አለፈ፣ ግን አንድ አይነት ቃል ከሷ ጣት ሲወጣና ከኔ ጣት ሲወጣ አንድ አይደለም። ከዛ ወዲህ እኔ «እሺ፣ ነገ ይደርሳል» ብቻ ነው የምለው፣ አበባዋን ኢሞጂም አልነካትም።

ስጦታ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ስጦታ የሚገዛ ሰው ፈርቶ ነው የሚመጣው፣ ትወደው ይሆን አትወደውም ብሎ። ዝርዝር አትላኩለት፣ 20 ፎቶ ብትልኩለት ይብሱን ይጠፋል። እህቴ የምትጠይቀው ለማን ነው፣ መቼ ነው የምትሰጣት፣ ምን ያህል አስበሃል፣ ከዛ ሁለት ነገር ብቻ ትልካለች። «ርካሽ» የምትል ቃል ከአፏ አትወጣም፣ ቢሮ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፋል፣ ለስጦታ ግን ርካሽ ስትለው ሰውዬው ራሱ ርካሽ የሆነ ይመስለዋል።

እና ባለፈው ማን ቴክስት ቢያደርግልኝ ጥሩ ነው፣ ያ የወንበሩ ሰውዬ። በዛው ስልክ፣ ከዛችው «አቦ ሰላም ነው» ካልኳት ሜሴጅ በታች። እኔ ተምሬያለሁ አይደል፣ «እንደምን ዋሉ፣ በምን ልታዘዝዎት?» ብዬ ጻፍኩለት። «አቦ አንተ በለኝ፣ ዛሬ የመስሪያ ቤት አይደለም፣ እህትህ ጋ ለባለቤቴ ሻርፕ ፈልጌ ነው» አለኝ። ሁለት ፎቶ ላክሁለት፣ ቀይና አረንጓዴ፣ አረንጓዴዋን መረጠ፣ ዋጋ ላይ አንድ ቃል አልተከራከረም፣ «ብቻ ፌስታል ውስጥ እንዳታደርጋት፣ ጠቅልላት» አለኝ፣ እህቴ በሪቫን አሰረችለት።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በዛው ስልክ «የ85ኤ ቶነር 10 ፍሬ ፕሮፎርማ እንድትልኩልን» ብሎ ጻፈ። «ደርሶናል፣ እስከ 5 ሰዓት በማህተም እናቀርባለን፣ እናመሰግናለን» አልኩት። ሻርፗን እሱም አላነሳት፣ እኔም አላነሳኋትም።