በእህሉ አለ፣ ለሆድ ግን የለም

እንደምን አደራችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የወፍጮ ቤት ባለቤቶች፣ ከየወጥ ቤቱ የመጣችሁ እናቶች፣ ጣና ዳር ነፋሱን ትታችሁ እዚህ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አለ። አንዱ ከሜጫ የመጣ ደረቅ በቆሎ ነው። ሌላው የተፈተገ የፎገራ ሩዝ። ሁለቱም ውስጥ ኒያሲን የሚባል ቫይታሚን አለ። ሰውነታችን ምግብን ወደ ጉልበት የሚቀይረው በእሱ ነው። በቤተ ሙከራ ብትለኩት በቆሎው ከሩዙ እጥፍ ያህል ይዞ ታገኙታላችሁ። ኒያሲን ሲጎድል የሚመጣው በሽታ ደግሞ ፔላግራ ነው። ታዲያ በሽታው በታሪክ ሲከተል የኖረው በቆሎ በሊታውን እንጂ ሩዝ በሊታውን አይደለም። እንዴት ሆነ?

በቆሎ ውስጥ ያለው ኒያሲን አብዛኛው ታስሯል። ከእህሉ አሰርና ፕሮቲን ጋር ተጣብቋል፣ የእኛ አንጀት ደግሞ ያንን ማሰሪያ መፍታት አይችልም። ስለዚህ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል ይወጣል። የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ብር ቁጠሩት።

በሒሳብ እንየው። አንድ ጎልማሳ ወንድ በቀን ወደ 16 ሚሊግራም ኒያሲን ያስፈልገዋል። ግማሽ ኪሎ በቆሎ ብቻ በላ እንበል። ወረቀቱ ላይ 18 ሚሊግራም ገደማ አግኝቷል፣ ተርፎታል። ሰውነቱ የሚጠቀምበት ግን ሲሶው ብቻ ከሆነ በእጁ የቀረው 6 ነው። ሌላም መንገድ አለ። ሰውነታችን ትሪፕቶፋን ከሚባል የፕሮቲን ክፍል ራሱ ኒያሲን ይሠራል፣ ከ60 ሚሊግራም ትሪፕቶፋን 1 ሚሊግራም። በቆሎ ግን በትሪፕቶፋንም ድሃ ነው። ያ ግማሽ ኪሎ ከ350 ሚሊግራም ብዙም አይዘል፣ ሁሉም ቢቀየር እንኳ ከ6 ያነሰ ኒያሲን ነው። ፕሮቲን የጎደለው ሰውነት ደግሞ ትሪፕቶፋኑን መጀመሪያ ለሥጋው ግንባታ ያውለዋል። ሁለቱን ደምሩት፣ 12 አይሞላም።

አሁን በየቤታችሁ ያለውን ገበታ አስቡ። በቆሎ ቂጣ ከሽሮ ጋር፣ አንዳንዴ ቆሮሶ ወይም አምባዛ። ይሄ ሰው አያሰጋኝም። ዓሣው ኒያሲኑንም ትሪፕቶፋኑንም ይዞ ይመጣል፣ ሽምብራውና ባቄላው ትሪፕቶፋኑን ይጨምራሉ። ቡናችን ራሱ ይረዳል። ቡና ሲቆላ ውስጡ ያለ አንድ ንጥረ ነገር ወደ ኒያሲን ይቀየራል፣ ጠቆር ብሎ ሲቆላ ደግሞ ይብሳል። (ሦስተኛ ሲኒ ለሚጠጡ ሰበብ መፈለጌ አይደለም።) የሚያሰጋኝ ወጡ የሌለው ገበታ ነው። ቁርሱ ቂጣ፣ ምሳው ንፍሮ፣ ራቱ ገንፎ፣ ሁሉም በቆሎ።

እንዲህ ያለ ገበታ ምን እንደሚያደርግ ማላዊ ላይ ታይቷል። ከሞዛምቢክ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ራሽናቸው በዋናነት በቆሎ ነበር። ኒያሲኑን ይሰጣቸው የነበረው ኦቾሎኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የኦቾሎኒው አቅርቦት ተቋረጠ። በ1990 ብቻ ከ17 ሺህ በላይ ሰው ፔላግራ ያዘው። በቆሎው አልተቀየረም፣ በሽታውን ያመጣው የኦቾሎኒው መቅረት ነው።

ምልክቱን ለጤና ባለሙያዎቹ ልንገር። ቆዳው ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ይጠቁራል፣ ይሻክራል፣ ይላላጣል። በሁለቱም እጅ ላይ በእኩል፣ በእግር ላይ፣ አንገት ላይ ደግሞ እንደ ሐብል ዙሪያውን። በባሕር ዳር ፀሐይ ሰው ቶሎ «ፀሐይ መታው» ይላል፣ ሌላው «ምች ነው» ይላል። ግራና ቀኙ እንደ መስታወት ከተመሳሰለ፣ ተቅማጥም ካለ፣ ሰውየው እንቅልፍ አጥቶ ከተደናገረ ግን ምን እንደሚበላ ጠይቁት። አረቄ የሚያዘወትር ከሆነ ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ኢሶኒያዚድ ከሆነ ጥርጣሬያችሁን ጨምሩ። ካልታከመ ይገድላል። ኒያሲን ከተሰጠው ግን በቀናት ውስጥ ለውጥ ታያላችሁ።

በቆሎን መጀመሪያ ያለሙት የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች ለብዙ መቶ ዓመታት በዋናነት በቆሎ እየበሉ ፔላግራ አላስቸገራቸውም። በቆሎውን በኖራ ውሃ ይቀቅሉታል። እህሉ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ዘሩ ሄደ፣ አሠራሩ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1735 ጋስፓር ካሳል የሚባል ስፔናዊ ሐኪም በሽታውን በድሃ ገበሬዎች ላይ አይቶ ጻፈው። ያ አንገት ላይ ያልኳችሁ ሐብል እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

አሠራሩ ይሄ ነው። 1 ኪሎ ደረቅ በቆሎ፣ 3 ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ለምግብ የተዘጋጀ፣ በውሃ የጠፋ ኖራ። ኖራውን በውሃው በጥብጡት፣ በቆሎውን ጨምሩ፣ በዝግ እሳት ወደ 45 ደቂቃ ቀቅሉት። ከዚያ አውርዱና እስከ ነገ ጠዋት ይደር። ማሰሪያውን የሚፈታው ይሄ የኖራ ውሃና ጊዜው ነው። ጠዋት ውሃውን ድፉት፣ በእጃችሁ እያሻችሁ ሁለት ሦስቴ እጠቡት።

ገለባው ሸርተት ብሎ ከወጣ በቅቷል። ፍሬውን ለሁለት ስትከፍሉት መሐሉ ላይ ትንሽ ነጭ ደረቅ ነጥብ ቢቀር አይክፋችሁ። ሳሙና ሳሙና ካለ ወይ ኖራው በዝቷል ወይ እጥበቱ አንሷል።

የግንበኛ ኖራ አትጠቀሙ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ያልጠፋው ደግሞ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። የእንጨት አመድም ይሠራል፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች በእሱ ነበር የሚቀቅሉት። የአመዱ ኃይል ግን እንደ እንጨቱ ስለሚለያይ ልኩን ልነግራችሁ አልችልም። ድስቱም አሉሚኒየም አይሁን። እኔ የመጀመሪያ ቀን የባለቤቴን ትልቁን አሉሚኒየም ድስት ጣድኩ። አረፋ እያወጣ ጠቆረ፣ በቆሎውም ግራጫ ሆኖ ተደፋ። ድስቱ ዛሬም በረንዳ ላይ አበባ ተተክሎበት አለ። የሸክላ ወይም የማይዝግ ብረት ድስት ይሁን።

«እርሾ አይበቃም ወይ?» ብላ አንዲት እናት ስትገባ ጠይቃኛለች። እርሾ ሊጡን ያኮመጥጠዋል፣ ኖራ ደግሞ የኮምጣጣ ተቃራኒ ነው። እርሾው የኖራን ሥራ አይሠራም። ለእንጀራም ከጤፍ ጋር ደባልቀን ሞክረነው ዓይኑ ጠፋብን። ለቂጣና ለገንፎ ግን ግሩም ነው።

ለወፍጮ ቤቶች፦ እርጥቡን አትቀበሉ፣ ድንጋያችሁን ይደፍነዋል። ደህና አድርጎ በፀሐይ የደረቀውን ፍጩ። ክረምት ላይ እዚህ አገር ማድረቅ ፈተና ነው፣ ይሻግታል። ስለዚህ ሰኔና ሐምሌ ላይ ለዕለት የሚበቃውን ብቻ ሠርቶ በቤት መውቀጥ ይሻላል። የማገዶውም ወጪ አለ፣ አልደብቃችሁም። የተደፋውን የኖራ ውሃ ደግሞ ወደ ሐይቁ አትልቀቁት።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ኖራው የታሰረውን ይፈታል እንጂ ትሪፕቶፋን አይጨምርም። ሽሮውን የሚተካ የለም።

ትናንት ማታ የጣድኩት ድስት እዚያ ጥግ ላይ ነው፣ ታጥቧል። እጃችሁን ታጥባችሁ ኑ፣ አንድ አንድ ፍሬ አንሱና በሁለት ጣት አሹት። ጥያቄውን እዚያው እንቀጥላለን።