የሐዘን ካርድ ላይ ምን እንጻፍ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሐዋሳ፣ ታቦር የደወለች አድማጭ፦ «የሥራ ባልደረባችን የሰባት ወር ልጇ ሞተባት። ያዋጣነውን ብር ፖስታ ውስጥ ከተን ካርድ ልንጨምርበት ነው። አንዱ ‹እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ› ይጻፍ አለ፣ አንዷ ደግሞ ‹ለበጎ ነው› አለች። እኔን ሁለቱም ከበዱኝ። ምን እንጻፍ?»

እህቴ፣ የከበደሽ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድን አባባል ካርድ ላይ ከማስፈሬ በፊት የምሞክርበት ዘዴ አለኝ። ከፊቱ «ልጁ ለምን ሞተ?» የሚል ጥያቄ አስቀምጣለሁ። አባባሉ መልስ ሆኖ ከገጠመ እተወዋለሁ። «ለምን ሞተ?» «ለበጎ ነው።» ይገጥማል፤ ስለዚህ እናቲቱ ያልጠየቀችውን፣ እኛም የማናውቀውን እየነገርናት ነው። «የአምላክ ፈቃድ ነው» እና «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው።

«እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ትንሽ ይለያል። ቃሉ የኢዮብ ነው፤ ግን ማን እንዳለው ልብ በይ። ያለው ልጆቹን ያጣው ኢዮብ ራሱ ነው እንጂ ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹ አይደሉም። እነሱ ሕመሙ እጅግ የበረታ መሆኑን አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ነገሩ የተበላሸው በኋላ አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው፤ በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። እናቲቱ ራሷ ይህን ቃል ብትለው የእሷ ጽናት ነው፣ አሜን በሉ። እናንተ ቀድማችሁ አትጻፉላት።

ዘዴዬ የማይዘው አንድ ክፉ ቃል ግን አለ፤ «ልጅ ነሽ፣ ሌላ ይተካልሻል» የሚለው። «ለምን?» ለሚለው መልስ ስላልሆነ ፈተናውን ያልፋል፤ ግን ያ ልጅ በሌላ የሚለወጥ ዕቃ ያህል ይሆናል። በአፍም ቢሆን አትበሉት።

ከአባባሎች መካከል ለእናንተ የምመርጠው «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚለውን ነው። ስለ ሞቱ አንዳች አይናገርም፤ የሚናገረው አብሮ ስለመሆን ብቻ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውም ሸክም መካፈልን ይነግራል፤ ሕፃን በተቀበረ ሳምንት ግን «ጌጥ» የሚል ቃል እናት ዓይን ፊት ማስቀመጥ አልወድም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «ልጅሽን በማጣትሽ ከልብ አዝነናል። ፎቶውን እያሳየሽን የሳቅሽውን አንረሳውም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነውና ማክሰኞ ከሥራ ስንወጣ ቤትሽ እንመጣለን። እግዚአብሔር ያጽናሽ።» «ልጅሽን» ከሚለው ቀጥሎ ስሙን ጻፉት፤ ሰባት ወር የተጠራበት ስም ነው። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪን» አትበሉ፣ ቀኑን ቁረጡላት። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ያለውን ቀን ብትመርጡ ይሻላል፤ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ሲሄድ ቤቱ ባዶ ይሆናልና።

ከአቶቴ የደወለች አድማጭ፦ «ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ፕሮቴስታንት ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ‹ነፍስ ይማር› ብዬ ብጽፍ ያስቀይማታል?»

ላያስቀይማት ይችላል፤ ግን የእሷ ጸሎት አይደለም። «ነፍስ ይማር» ለሞተው ሰው ነፍስ የሚቀርብ ልመና ነው፤ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ ለሙታን አይጸልዩም። «እግዚአብሔር ያጽናናሽ» በዪያት፤ ይህ ወደ ቆመው ሰው የሚሄድ ቃል ስለሆነ በሁለታችሁም ቤት ይሠራል። ሙስሊም ጎረቤት ብትሆን «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ትያታለሽ፤ እሱም የሚለምነው ለሐዘንተኛዋ ትዕግሥትን ነው።

ከመነኸሪያ አካባቢ የደወሉ አባት፦ «የወዳጄ እናት በዘጠና ዓመታቸው ዐረፉ። ‹ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት› ብዬ ብጽፍለት ምን አለበት?»

አባቴ፣ ወዳጅዎ ራሱ ቢለው እውነት ነው ይበሉት። በካርድ ሲመጣ ግን «ስለዚህ አታልቅስ» የሚል ሆኖ ሊነበብ ይችላል፤ እናት በዘጠናም እናት ናት። ለእንዲህ ያሉ ሰው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይገባል። ብቻውን ግን አይተዉት፤ እርስዎ ያዩትን አንድ ነገር ያስከትሉለት። ለምሳሌ፦ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። እናትህ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ለሁላችንም እኩል ቆርሰው የሰጡን ዳቦ ዛሬም ትዝ ይለኛል።»