ቡሬ ለምን ወደኋላ ቀረች? ሽማግሌው እረኛ ለልጅ ልጃቸው ያሳዩት

የተከበራችሁ የጣና ዳር አርቢዎች፣ የወረዳና የቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ ከብቶቻችሁን ለሰው አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁ እረኞች፣ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንዲት ላም ነው። ስሟ ቡሬ ነው፤ ጥቁርና ነጭ የፎገራ ላም ናት። ባለቤቷ አንድ ሽማግሌ እረኛ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ዘንድሮ መንጋውን ሊረከባቸው ነው። ለማስተማሪያ ያዘጋጀነው ታሪክ ስለሆነ ለሁለቱ ስም አላወጣንላቸውም። የላሟ በሽታ ግን የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ ሳሩን ተከትሎ ከብት በሚወርድበት በርብና በጉማራ ዙሪያ የታወቀ ነው።

ወሩ ጥር ነው። ልጁ ማለዳ የበረቱን በር ሊከፍት ሲል ሽማግሌው፣ «ክፈትና ዞር በል፤ አትንዳቸው። ማን ማንን ተከትሎ እንደሚወጣ ብቻ እይ» አሉት። ከብት ካልነዱት በልማዱ ተራ ነው የሚወጣው። ቡሬ ሁልጊዜ ከመሪዋ ላም ቀጥላ ትወጣ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ከጊደሮቹ ኋላ ወጣች። አላነከሰችም፣ አላሳላትም፣ አፍንጫዋም እርጥብ ነው። ልጁ ጆሮዋን ከሥሩ ያዘና፣ «አባባ፣ ትኩሳት የላትም፤ ደህና ናት» አላቸው።

«ደህና ናት አላልኩህም፤ ማን ኋላ ቀረ ነው ያልኩህ» አሉት።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙዎቻችን ከብት ታመመ የምንለው ሲያተኩሰው፣ ሲያስለው ወይም መብላት ሲያቆም ነው። ለፈጣኖቹ በሽታዎች ይህ ይሠራል። ቀስ ብሎ የሚገድለው ግን በአብዛኛው ትኩሳት የለውም፤ ላሟም እስከ መጨረሻው ድረስ ሳር ትነጫለች። ስለዚህ ሽማግሌው ላሟን የሚለኩት በራሷ ልማድ ነው። ትናንት የት ነበረች? ዛሬ የት ናት? ከተራዋ አንድ ቀን ብትዛነፍ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ኮርማ የፈለገች ላም ተራዋን ትታ ትቅበዘበዛለች፣ መብላትም ትቀንሳለች፤ ነገር ግን በማግሥቱ ወደ ልማዷ ትመለሳለች። ቡሬ ግን በሦስተኛውም ቀን ከኋላ ነበረች።

ቀኑ ሲጋመስ መንጋው ጠግቦ ተኛ። ሽማግሌው ልጁን ከቡሬ ትይዩ አስቀመጡት። ጤነኛ ላም ስታመሰኳ አንዱን ጉርሻ ከ40 እስከ 70 ጊዜ ታላምጠዋለች፤ ትውጠዋለች፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይታም ሌላ ታወጣለች። ልጁ ቆጠረ። አጠገቧ ያለችው ላም 58 ጊዜ አላመጠች። ቡሬ 33 ላይ ዋጠች፤ ቀጥላ ያወጣችውን ደግሞ 30 ላይ። ዝንብ ሲያስቸግራትም፣ ሰው ሲጠጋትም እንዲሁ ታቋርጣለችና አንድ ጉርሻ ቆጥሮ መፍረድ አይገባም። ሦስት አራት ጉርሻ፣ ራቅ ብሎ፣ ከጓደኛዋ ጋር እያስተያዩ ነው የሚቆጠረው።

ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚነካት። በግራ በኩል ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ያለውን ጎድጓዳ ሽንጧን በጡጫ ጫን ብሎ ይዞ ዝም ማለት ነው። ጨጓራው ሲንቀሳቀስ ጡጫን ከውስጥ ይገፋዋል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ጊዜ መግፋት አለበት። ልጁ በስልኩ ሰዓት ይዞ ሁለት ቆጠረ፤ ግፊቱ ግን ደካማ ነው። አንድም ባይሰማው ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያኔ እስከ ማታ አይጠበቅም፣ ባለሙያ ይጠራል።

ቀጥሎ ዓይኗን አዩ። ሽማግሌው አንገቷን በክንዳቸው አቅፈው የታችኛውን ሽፋሽፍት በአውራ ጣት ወደ ታች ሳብ አደረጉ። «ቶሎ እይና ልቀቅ፤ ብትቆይበት ራሱ ይቀላብሃል» አሉት። በቡሬ ዓይን ውስጥ ያየው ቀለም የነጣ ነበር። «ነጭ ነው» ሲላቸው፣ «ከማን ጋር አስተያይተህ?» ብለው ወደ ሁለተኛዋ ላም ሰደዱት። የእርሷ ቀላ ያለ ነው። ያኔ ልዩነቱ ታየው። የደም ማነስ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ በጠራ የቀን ብርሃን፣ ጤነኛ ላም አጠገብ አቁሞ። በረት ውስጥ በጨለማ ያየ ሰው ሁሉም ላም ደህና ይመስለዋል።

ጎረቤት፣ «በጋ ነው እኮ፣ ድርቆሽና የሩዝ ገለባ የበላች ላም ትከሳለች» ይል ይሆናል። ከሳች እንበል። ያንኑ ገለባ የበሉት ሌሎቹ ለምን አልነጡም? ረሃብ ቢሆን ኖሮ መንጋውን በሙሉ ነበር የሚጎዳው፤ ከአንድ በረት አንዲቱን ለይቶ አይመርጥም።

ሽማግሌው የመጨረሻውን ምልክት ለማታ አቆዩት። ከብቶቹ ሲገቡ የቡሬን አገጭ ሥር አስዳሰሱት። በሁለቱ መንጋጋዎች መካከል ለስላሳ እብጠት አለ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ሲነኩት አያማትም። በአውራ ጣት ተጭኖ ሲለቀው የጣቱ ጉድጓድ ቀረ። በማግሥቱ ማለዳ ግን እብጠቱ የለም ማለት ይቻላል። ልጁ ግራ ተጋባ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ላሟ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትግጥ ውሃው ወደ አገጯ ይወርዳል፣ ሌሊት ቀና ብላ ስታድር ይመለሳል። ማለዳ ብቻ የሚመረምር ሰው ይህን ምልክት ለሳምንታት ሊያልፈው ይችላል። እውነቱን ለመናገር ግን አገጭ ያበጠች ላም መጀመሪያ ላይ ያለች ላም አይደለችም። በየመንደሩ የሚጠበቀው ይህ ምልክት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ተራዋን ማጣቷ፣ ማመስኳቷ ማጠሩና ዓይኗ መንጣቱ ነበሩ ቀድመው የተናገሩት።

ሌላ እብጠትም አለና አታምታቱት። የጉሮሮ እብጠቱ ትኩስ ከሆነ፣ ሲነኩት ካመማት፣ ለሃጯ ከተዝረበረበና ትንፋሿ ከፈጠነ ጎሮርሳ ሊሆን ይችላል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይገድላልና በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ኬላ ነው የሚኬደው።

የቡሬ ሕመም የጉበት ትል ነው። ቅጠል መሳይ ጠፍጣፋ ትል በሐሞት ቧንቧ ውስጥ ተቀምጦ ደሟን ይመጥጣል፤ ከደሙ ጋር ፕሮቲኑም ይሄዳል። ውሃን በደም ሥር ውስጥ የሚይዘው ያ ፕሮቲን ነው፤ ሲጎድል ውሃው እየሰረገ አገጭ ሥር ይጠራቀማል። የትሉ እንቁላል በእበት ወጥቶ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፣ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ በእርጥብ ሳር ግንድ ላይ ይጣበቃል። ደንገሉ ሥር፣ ውሃው በሸሸበት ጭቃ ላይ የበቀለው ያ ለምለም ሳር ነው ላሟን የጎዳት። ከተዋጠ በኋላ ትሉ ለስድስት ለሰባት ሳምንት ያህል የጉበቱን ሥጋ እየበሳ ይጓዛል፤ ሐሞት ቧንቧ ደርሶ እንቁላል የሚጥለው ከ10 እስከ 12 ሳምንት ሲሆነው ነው።

ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። ለቡሬ በጥቅምት አልቤንዳዞል ተሰጥቷት ነበር። «መድኃኒት ወስዳለች፣ እንግዲህ የጉበት ትል አይደለም» ተባለ። ነገር ግን አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው። በመስከረም የዋጠችው በጥቅምት ገና ጉበቷን እየበሳ ነበርና መድኃኒቱ አልነካውም፤ ጥር ላይ አድጎ ተገለጠ። የእበት ምርመራም በዚያ ጊዜ ቢደረግ እንቁላል ስለሌለ «የለም» ይል ነበር። ወጣቱንም ትል የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ እርሱን ማዘዝ ግን የባለሙያ ሥራ ነው፣ በተለይ ለምትታለብ ላም።

ሌላው ስህተት መጠን ነው። ለጉበት ትል የአልቤንዳዞል መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም ነው። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም 2500 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ ይህም በገበያ የሚሸጠው ትልቁ እንክብል አንድ ሙሉ ነው። አንዱን ለሁለት ላም የሚከፍል ሰው ገንዘቡን ከሰረ፣ ትሉንም መድኃኒት አለማመደው። ክብደቱን በዓይን ከመገመት የደረቷን ዙሪያ በሜትር ማስለካት ይሻላል። ኮርማ ካጠቃት ገና 45 ቀን ላልሞላት ላም አልቤንዳዞል አይሰጥም፤ ጽንሱን ይጎዳል። ወተቷ ስንት ቀን እንደማይጠጣም ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሽማግሌው ልጁን ወደ ጤና ኬላ ሲልኩት አንድ እፍኝ ትኩስ እበት በንጹሕ ዕቃ ከድነው ሰጡት። መሬት ላይ የዋለ አይሆንም፤ ከመንጋው የየትኛዋ እንደሆነም አይታወቅም። ለባለሙያው የሚነግረውንም አስጠኑት፤ ከስንት ቀን ጀምሮ ከተራዋ እንደቀረች፣ ስንት ጊዜ እንዳላመጠች፣ አገጯ ማታ አብጦ ጠዋት እንደሚጎድል፣ በጥቅምት ምን መድኃኒት ወስዳ እንደነበር። ባለሙያው ከጠየቀው ውስጥ ልጁ መልስ ያጣለት ጥያቄ አልነበረም።

እበቱ ውስጥ እንቁላል ተገኘ፤ ቡሬም በሙሉ መጠን ታከመች። የአገጩ እብጠት በሳምንታት ውስጥ ጎደለ። የዓይኗ ቅላት ግን ደም እስኪተካ ድረስ ሳይመለስ ቆየ፤ ልጁ በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ከዚያችው ጓደኛዋ ጋር ያስተያያት ነበር። የሚያጠጧትም ከሐይቁ ዳር ሳይሆን ከጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ሆነ። ጭቃው ላይ የበቀለውን ሳር አጭደው ለመስጠት አስበው ነበር፤ ሽማግሌው ከለከሉ። በሳሩ ላይ የተጣበቀው ታጭዶም ቢሆን እርጥብ እስካለ ድረስ አይሞትም፤ በፀሐይ በደንብ ደርቆ ድርቆሽ ከሆነና ከቆየ ነው አደጋው የሚቀንሰው።

ከአዳራሹ ጀርባ አራት ላሞች ታስረዋል፤ አንዷ ዓይኗ የነጣ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አንነግራችሁም። እረኞቹ ቅደሙ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ ሽፋሽፍቱን ከመሳባችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፣ ከአንዷም ዓይን ላይ ብዙ አትቆዩ። እናመሰግናለን።