ጆሮ ሲታይ ፊት ሲጠፋ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ሰሞኑን ጭንቅላቴን ይዞ ስለከረመ ነገር ነው፦ ፌስ ስዋፕ ስንሠራ ሰውዬው ወደ ጎን ሲዞር ፊቱ ለምን ይበላሻል?

ለአንድ አጭር ፊልም የሞተር ሳይክል ትዕይንት ነበረን። የሚነዳው ዳብል ነው፤ የዋናውን ተዋናይ ፊት እናለብሰዋለን። ሁለቱም ፈርመዋል፣ ያለዚያ አልነካውም። ወደ ፊት ሲያይ ልቅም ያለ ነው። በትከሻው ዞሮ ወደ ኋላ ሲያይ ግን ፊቱ እንደ ፊኛ ይነፋና መልሶ ይሟሽሻል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የምንሠራበት ፕሮግራም፣ ዲፕፌስላብ፣ ፊት ላይ 68 ነጥቦች ያስቀምጣል። ከዚያ ነጥቦቹን ተከትሎ ምስሉን ያዞራል፣ መጠኑን ይቀይራል፣ ያንሸራትታል፤ ፊቱ ሁሌም አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ። ሰውዬው ሙሉ በሙሉ ሲዞር የወዲያኛው ዓይንና የከንፈር ጫፍ አይታዩም። ፕሮግራሙ ግን «አላየሁም» ማለት አያውቅም፣ 68ቱንም ይሞላል። ግምቱ ከፍሬም ፍሬም ይለያያል፤ መጠኑም አብሮ ይዋዥቃል። በነገራችን ላይ፣ በ2017 ለውድድር በወጣው ሜንፖ በተባለው የምስል ስብስብ ለጎን ፊት ምልክት የተደረገው 39 ነጥብ ብቻ ነው። የማይታየውን አልሞሉም። ብልህ ናቸው!

ችግሩን ለማየት ነጥቦቹ የተሳሉባቸው ፍሬሞች ያሉበትን aligned_debug የሚለውን ፎልደር ክፈቱ። የወዲያኛው ዓይን ነጥቦች ከአፍንጫው ድልድይ አልፈው ግድግዳው ወይም ሰማዩ ላይ ከተንሳፈፉ፣ ያ ፍሬም ተበላሽቷል። እነዚያን ምስሎች ብቻ አጥፉና ይሄን አስነሱ፦

```
5) data_dst faceset MANUAL RE-EXTRACT DELETED ALIGNED_DEBUG
```

አሁን ፊቱን የሚከበውን ሳጥን በማውስ ታንቀሳቅሳላችሁ፣ በዊሉ ታሰፋላችሁ ወይም ታጠባላችሁ። እኔ የማየው ሦስት ቦታ ነው፦ የሚታየው ዓይን፣ የአፍንጫው ጫፍ፣ የሚታየው የከንፈር ጥግ። እነሱ ከተቀመጡ የወዲያኛው ወገን ነጥቦች አፍንጫው ሥር ቢታጨቁም ግድ የለኝም። ከጎረቤት ፍሬሞች ጋር ግን ሳጥኑ በመጠን መመሳሰል አለበት።

የሚቀየረውን የፊት ክፍል የሚከልለው ማስክም ሌላ ጣጣ ነው። በጎን ፊት ላይ ኤክስሴግ በሚባለው የፕሮግራሙ የማስክ መሣሪያ ግንባሩን፣ አፍንጫውንና ከንፈሩን ተከትዬ በእጄ እስላለሁ። ያለዚያ ከአፍንጫው ፊት ያለው ሰማይ አብሮ ይጎተታል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ተዋናዩ ወደ ጎን ዞሮ ያልተቀረጸ ከሆነ ሞዴሉ ያላየውን ጉንጭ ከየት ያመጣል? ስለዚህ በቀረጻው ቀን፣ በዚያው ብርሃን፣ ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች እንዲዞር አደርጋለሁ። ግራውን ገልብጦ ለቀኝ መጠቀም ይቻላል፤ ጠባሳ ወይም ወደ አንድ ጎን የተበጠረ ፀጉር ካለ ግን ያስታውቃል።

ከጎን አልፎ ጆሮና ጉንጭ ብቻ ሲቀሩ ደግሞ ስዋፑን ቀስ በቀስ አደብዝዤ አጠፋለሁ። እዚያ ላይ የዳብሉ ጉንጭ ይበቃል፤ ማን እንደሆነ ማንም አይለይም። የጢማቸው አቆራረጥ ከተለያየ ግን ሜካፕ ሠሪዋን ከቀረጻው በፊት አነጋግሩ።