ዓርብ የተወለደውን ልጅ ቅዳሜ አናድርገው

ውድ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ።

ዛሬ መስከረም 20 ነው፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30፣ የተርጓሚዎች ቀን። በአራት ዓመት አንዴ ግን ይኸው ቀን መስከረም 19 ላይ ይውላል። ጳጉሜ ስድስት ቀን በሆነች ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይንሸራተታል። ይሄን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሰባት ቀንስ፣ ስምንት ቀንስ እያልን ያደግን ሰዎች ነን። የሂጅራ ቀን ያለበት ሰነድ ሲመጣ ግን ምን ነክቶን እንደሆነ እንጃ፣ ስልክ እናወጣለን፣ ቁጥሩን እናስገባለን፣ የወጣውን ገልብጠን ማኅተም እንመታለን። አዘጋጆቹ ስለ ሙያችን ዕድገት እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ የመጣሁት ስለዚህች ስልክ ላወራ ነው።

የራሴን ጥፋት ላስቀድም። ያኔ ቢሮዬ ፒያሳ ነበር፣ ብዙዎቻችሁ ደረጃውን ወጥታችሁ ቡና ጠጥታችሁበታል። አንድ ቀን አንድ አባት መጣ። ባለቤቱ ጅዳ ስትሠራ ቆይታ ነው የተመለሰችው፣ ልጃቸውም እዚያው ነው የተወለደው። የልደት ሰርተፍኬቱ በዓረብኛ ነው፣ ቀኑም በሂጅራ ብቻ ነው የተጻፈው። "ዓርብ፣ 1/10/1444" ይላል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ጎበዝ ነው፣ እንደውም ዓረብኛው ከኔ ይሻላል። ኢንተርኔት ላይ ካገኘው መቀየሪያ ውስጥ ቀኑን አስገባ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 2023 አለው። ጻፈው። "ዓርብ" የሚለውን ቃል ቀኑ ካለ ምን ያደርጋል ብሎ ተወው። የሂጅራውንም ቀን አወጣው፣ ምክንያቱም ደንበኛው ራሱ "ሁለት ቀን ካዩ ያጉላሉኛል፣ አንዱን ብቻ አድርጉልኝ" ብሎ ለምኖናል። እኔስ? የምሳ ሰዓት ነበር፣ ቸኩያለሁ። ማኅተሜን መታሁበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውዬው ተመልሶ መጣ። ሆስፒታሉ የሰጣቸው ሌላ ወረቀት ነበር፣ እሱ ላይ የፈረንጁ ቀን አብሮ ተጽፏል። ኤፕሪል 21 ይላል። ፋይሉን የሚያየው መሥሪያ ቤት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መለሰው። ቀጠሮው ተቃጠለ፣ ከክፍለ ሀገር ስንት ሰዓት ተሳፍሮ የመጣ ሰው ነው። አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና "ጋሼ፣ ልጄ ስንት ጊዜ ነው የተወለደው?" አለኝ።

ዋናውን ሰነድ አወጣሁ። ግድግዳዬ ላይ የባንክ ካላንደር ተሰቅሏል፣ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ኤፕሪል 22 ቀን 2023 ቅዳሜ ነው። ዋናው ሰነድ የሚለው ደግሞ ዓርብ። በቃ! ለዚህ ሂጅራ ማወቅም አያስፈልግም ነበር። ወሩ ይለያያል፣ ዓመቱ ይለያያል፣ የሳምንቱ ቀን ግን በሂጅራም በፈረንጁም በኛም አንድ ነው። ያቺ "ምን ታደርጋለች" ብለን የጣልናት "ዓርብ" ጮክ ብላ ስትመሰክር ነበር።

ደግሞ ቀኑን አስታውሱት እስቲ። ወር አሥር ማለት ሸዋል ነው። ሸዋል አንድ ኢድ አልፈጥር ነው። በ2015 ፋሲካ ሚያዝያ 8 ነበር፣ ኢዱ ከአምስት ቀን በኋላ ዓርብ ሚያዝያ 13 ዋለ። የፋሲካው ዶሮ ወጥ ሳያልቅ ጎረቤት ኢድ የጠራን ጊዜ ማለት ነው። ልጁ የተወለደው በኢድ ቀን ነበር! ከተማው ሁሉ በኢድ ሶላት ምክንያት መንገድ የተዘጋበትን ቀን እኛ በማኅተም ወደ ማግስቱ አዛወርነው።

ታዲያ ስልኩ ለምን ተሳሳተ? በሂሳብ ረገድ አልተሳሳተም፣ ጉዱ እሱ ነው። ብዙ መቀየሪያዎች የሚሠሩት በደፈናው ሒሳብ ነው። ወሮቹን አንዱን 30፣ ቀጣዩን 29 እያደረጉ ያፈራርቃሉ፣ በ30 ዓመት ውስጥ ደግሞ 11 ጊዜ በመጨረሻው ወር ላይ አንድ ቀን ይጨምራሉ። በዚህ አካሄድ ረመዳን ዘጠነኛ ወር ስለሆነ ሁልጊዜ 30 ቀን ነው። ረመዳን ሁልጊዜ 30 እንዳልሆነ ግን የጎረቤት ልጅ ሁሉ ያውቃል። የሳዑዲ ሰነዶች የሚሄዱበት ኡሙል ቁራ የሚባለው ካላንደር ነው፣ ስሙ የራሷ የመካ ሌላ ስም ነው። እሱ የጨረቃን መወለድና በመካ ከፀሐይ በኋላ መጥለቋን እያሰላ እያንዳንዱን ወር ለብቻው 29 ወይም 30 ያደርጋል። በ1444 ሁለቱም ረመዳንን ማርች 23 ጀመሩ። ሳዑዲ በ29 ቀን ጨርሳ ኤፕሪል 21 ኢድ አደረገች። የስልኩ ሒሳብ 30 ሞላና ኤፕሪል 22 ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ እንደገና ይገናኛሉ። ለ1445 ሙሐረም አንድ ሁለቱም ጁላይ 19 ይላሉ። ለዚህ ነው ስሕተቱ የማይታየን፤ አሥር ሰነድ ትክክል ይመጣል፣ አሥራ አንደኛው ይነክሳል።

የምትጠቀሙበት ፕሮግራም ምርጫ ካለው ስሙን እዩት። `islamic-umalqura` የሚለው ለሳዑዲ ሰነድ ነው። `islamic-civil` የሚለው ያ ደፈናው ሒሳብ ነው። ስሙን የማይነግራችሁን መቀየሪያ ግን አትመኑት።

ኡሙል ቁራ ካለኝ ጨረስኩ የሚል ደግሞ አለ፣ አልጨረሰም። ለረመዳን፣ ለሸዋልና ለዙልሒጃ ጨረቃ ታየች ተብሎ የሚታወጀው ከታተመው ካላንደር ሊለይ ይችላል። አገሩም ይለያል። በዚያው ዓመት ኦማን ኢድ ያደረገችው ቅዳሜ ኤፕሪል 22 ነበር። ስለዚህ "1 ሸዋል 1444" የሚል ወረቀት ከጅዳ ሲመጣ ዓርብ ነው፣ ከሙስካት ሲመጣ ቅዳሜ። ሰነዱ ላይ የሳምንቱ ቀን ካለ እሱን ያዙ፣ ከሌለ የሰጠውን አገር ጠይቁ።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሁላችንም "የሂጅራውን አጥፉልኝ" የሚል ደንበኛ አለን። እሱን አልወቅስም፣ ወረፋው ያስመረረው ሰው ነው። የምወቅሰው እኛን ነው! ሰነዱ ላይ የሌለ ቀን ጽፈን፣ ያለውን ቀን ሰርዘን፣ ከሥር "ከዋናው ጋር ትክክል ነው" ብለን እንፈርማለን። የቱ ዋና? ዋናው ላይ ኤፕሪል የሚባል ነገር የለም! ኤፕሪልን ያመጣነው እኛ ነን። ያመጣነውን እንደ ሰነዱ ቃል አድርገን ስናቀርብ፣ ስሕተቱን የሚፈትሸው ሰው የሚይዘው ነገር አጣ ማለት ነው። የሂጅራው ቀን በቦታው ቢቆይ ኖሮ ያ መሥሪያ ቤት ራሱ አስልቶ ይደርስበት ነበር፣ ሰውዬውም ዳግመኛ አይሳፈርም።

ከዚያ ወዲህ ቢሮዬ እንዲህ ነው የሚጽፈው፦

```
ዓርብ፣ 1/10/1444 ዓ.ሂ.
[የተርጓሚው ስሌት፣ በኡሙል ቁራ፦ ኤፕሪል 21 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.]
```

ቅንፉ የኔ ነው፣ ከቅንፉ ውጪ ያለው የሰነዱ ነው። ሰነዱ ራሱ የፈረንጅ ቀን ካለው እንደገና አናሰላም፣ ያለውን እንገለብጣለን። ሁለቱ ካልተስማሙም ሁለቱንም ጽፈን በቅንፍ "አይገናኙም" እንላለን፣ ማረም የኛ ሥራ አይደለም። የኛን ዓ.ም. የሚፈልግ ካለ እሱም ቅንፉ ውስጥ ይግባ።

የሂጅራውን ቀን ማጥፋት የሚጎዳበት ሌላ ቦታ አለ። በቆዩ የሳዑዲ መዝገቦች ላይ የተወለደበት ቀን ያልታወቀ ሰው 1/7 ተብሎ ይመዘገባል፣ ረጀብ አንድ ማለት ነው። እኛ አገር መስከረም 1 የተወለደው ሰው እንደሚበዛው ማለት ነው። 1/7/1390ን አይታችሁ "ግምት ናት" ትላላችሁ። ቀይሩትና የ1970 ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ የሆነ ቀን ይወጣል፣ እናቱ አጠገቡ ቆማ የጻፈችው ይመስላል። ግምቷ በትርጉም ተሸፈነች። ዓመቱ ብቻ የተጻፈ እንደሆነ ደግሞ አንድ ዓመት አትምረጡ፣ 1390 የጀመረው በማርች 1970 ነው፣ ያለቀው በ1971 ፌብሩዋሪ። "1970/71" በሉ።

ሌሊትም አለ። በሂጅራ ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። "ለይለቱል ጁሙዓ" የሚለውን የዓርብ ማታ ብላችሁ እንዳትጽፉት፣ ሐሙስ ማታ ነው። የኛ "ለዓርብ አጥቢያ" ይቀርበዋል።

ስለ ፋርስኛው ጊዜዬ አልቋል መሰለኝ፣ ሰብሳቢዋ እያየችኝ ነው። ባጭሩ፣ ኢራን የምትጠቀመው የፀሐይ ሂጅራ ነው፣ ከጨረቃው ጋር ስሙ ይመሳሰላል፣ ቁጥሩ ግን በጣም ይራራቃል። አንድ የማውቀው ሰው እጅ ላይ 1399/12/30 የሚል የሕፃን ልደት መጣ። በዓረቡ መቀየሪያ አስገባው፣ ሕፃኗ በ1979 ኖቬምበር ተወለደች። እናቷ ያኔ ገና አልተወለደችም። ትክክሉ ቅዳሜ ማርች 20 ቀን 2021 ነው፣ በኛ መጋቢት 11 ቀን 2013። መጨረሻዋ ወር እስፋንድ ብዙ ጊዜ 29 ቀን ናት፣ 1399 ግን እንደኛ ጳጉሜ ስድስት ያለ ዓመት ስለነበር 30 ሆነች፣ አንዳንድ መቀየሪያ "እንዲህ ያለ ቀን የለም" የሚላችሁም በዚህች ነው። ከዓመቱ አጠገብ "ሺን" የምትል ፊደል ካለች ፀሐይ ነው፣ "ቃፍ" ካለች ጨረቃ። ፊደል ከሌለ የወሩን ስም እዩ። የቀኑ ቁጥር 31 ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ነው፣ የጨረቃ ወር 31 ደርሶ አያውቅም።

ያ አባት አዲሱን ትርጉም በነፃ ወሰደ፣ የትራንስፖርቱንም ከፈልኩት። ልጁ አሁን ቢሮዬ ሲመጣ "የኢድ ልጅ" ነው የምንለው። የ1440ዎቹን የኡሙል ቁራ ሰንጠረዥ በወረቀት አትሜ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፣ ስትወጡ ውሰዱ። ካለቀ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ስልኩ ለዚህ ይሆናል።